«አጸፋ ሰላምታ» ምንድን ነው? የተባሉትን መድገም አይደለም

አሁንስ በዛ። «የሰላምታ መልስ ቀላል ነው፤ የተባልከውን መልሰህ በል» የሚል ምክር በየቦታው እየተለጠፈ ነው። አንዱ እንዲያውም ሠንጠረዥ ሠርቶለታል፤ በግራ «እንደምን አደርክ?»፣ በቀኝም «እንደምን አደርክ?»። አለቀ። እኔ አማርኛ የማስተምረው ውጭ ተወልደው ላደጉ ወጣቶች ነው፤ ይህን ሠንጠረዥ ሸምድደው አያታቸው ፊት ሲቆሙ የሚሆነውን ስለማውቅ ዝም ማለት አቃተኝ።

አደርክ፣ አደርሽ፣ አደሩ፣ አደራችሁ የሚለውን እርባታ ታውቁታላችሁ ብዬ ልለፈው። ችግሩ ያለው ማን ለማን የትኛውን ይመልሳል የሚለው ላይ ነው።

ጎረቤት በሰሃን ቆሎ ስትልክ ሰሃኑ ባዶውን አይመለስም። ይህን ሁሉም ያውቃል። ግን ያንኑ ቆሎ መልሶ የሚልክም የለም። ቤት ያፈራውን፣ ለእሷ የሚስማማውን አድርገህ ትመልሳለህ። አጸፋ ሰላምታም እንዲሁ ነው። «ደህና» ብሎ ማለፍ ሰሃኑን ባዶ መመለስ ነው፤ የተባሉትን ቃል በቃል መድገም ደግሞ የላከችውን ቆሎ እንዳለ መመለስ። ሁለቱም ያስቀይማል፤ ሁለተኛው እንዲያውም ሳይብስ አይቀርም።

እስቲ አንድ ጠዋት እንውሰድ። ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ከግቢ ሲወጣ ሰባ ያለፋቸው ጎረቤት በር ላይ ተቀምጠዋል።

«እንደምን አደርክ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን እማማ፤ እርስዎ እንደምን አደሩ?»

«ተመስገን፤ እናትህስ ደህና አደረች?»

«ደህና ነች፣ ይመስገነው።»

«በል ደህና ዋል፤ እደግ ልጄ።»

«አሜን፤ ደህና ይዋሉ።»

ልጁ አንዴም የተባለውን አልደገመም። መጀመሪያ ምስጋና ነው የመጣው፤ ጥያቄው የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሌሊቱን ጥርሱን ሲያመው ቢያድርም ምስጋናው ይቀድማል፤ «ትንሽ ጥርሴን አሞኝ ነበር» የሚለው ቀጥሎ ይመጣል። ጥያቄውን ሲመልስ ደግሞ «አደርክ» የተባለው ልጅ «አደሩ» ብሏል። እሳቸው ወደ ታች አንተ አሉት፣ እሱ ወደ ላይ አንቱ አላቸው። ሠንጠረዡ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ልጁ «እርስዎም ይደጉ» ቢልማ ሰፈሩ ሳምንት ይስቅበት ነበር። የምርቃት መልሱ አሜን ነው።

ስለ እናቱ የመለሰው ላይ ደግሞ አንድ ነገር አለች። እሳቸው «አደረች» ያሉት እናቱ በዕድሜ ልጃቸው ስለምትሆን ነው። ልጁ «ደህና ነች» ያለው ግን ቤቱ እናቱን አንቺ ስለሚል ነው። እናቱን አንቱ የሚል ቤት ያደገ ቢሆን «ደህና ናቸው» ይል ነበር፤ እሳቸውም አይገርማቸውም። ዛሬ ከተማ ውስጥ አባትን አንተ፣ እናትን አንቺ የሚል ቤት ሞልቷል፤ አያት ላይ ሲደርስ ግን ያው ቤት ወደ እርስዎ ይመለሳል። አንቱታ የፍቅር መለኪያ አይደለም። እግዚአብሔርንስ በጸሎት አንተ አይደል የምንለው?

«ታዲያ አንቱታ የዕድሜ ጉዳይ ነው ማለት ነው» የሚል ይመጣል። በከፊል። ካህን ወጣት ቢሆንም ሽማግሌው እርስዎ ይሉታል። ሐኪም ቤት የሃምሳ ዓመት ታካሚና የሠላሳ ዓመት ሐኪም እርስ በርስ እርስዎ ይባባላሉ፤ ባንክ መስኮት ላይም እንዲሁ። እዚያ እርስዎ ወደ ላይ መመልከት ሳይሆን አለመተዋወቅ ነው። እና እዚህ ላይ፣ ልብ በሉ፣ መልሱ እንደ ጥያቄው ይሆናል፤ «እንደምን ዋሉ?» ላለህ የማታውቀው ሰው «ይመስገን፤ እርስዎስ እንደምን ዋሉ?» ብትል ልክ ነህ። ሠንጠረዥ ሠሪው የተሳሳተው አንዱን ሁኔታ አይቶ ለሁሉም ሕግ ስላደረገው ነው።

ማስጠንቀቂያም አለችኝ፣ ባትጠይቁኝም። ጎንደርና ጎጃም አካባቢ «አንቱ» የሚለው ተውላጠ ስም ራሱ በንግግር አለ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ የሚሰማው «እርስዎ» ነው። ግሡ ግን አንድ ነው፤ አንቱም እርስዎም «አደሩ» ነው የሚሉት። «እርስዎ እንደምን አደራችሁ» የሚል ተማሪ በየጊዜው ያጋጥመኛል፤ አደራችሁ ለእናንተ ነው፤ አንድ ሰው ፊትህ ቆሞ ብዙ አታድርገው። ሴት ስትሆን ደግሞ ጥንቃቄ ይጨመር። አርባ ያልሞላቸውን እርስዎ ብትል «አስረጀኸኝ እኮ!» የምትልህ አትጠፋም። አንቺ በለኝ ካለችህ በዚያው ቀጥል፤ ሳትልህ ግን ራስህ አትውረድ።

ወደ ሰዓቱ ልግባ። እዚህም አንድ የተለመደ ስህተት አለ፤ «እስከ ስድስት ሰዓት አደሩ፣ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዋሉ፣ ከዚያ አመሹ» እያሉ እንደ ትምህርት ቤት ደወል የሚቆጥሩት። ሰዓቱ ለጀማሪ እንደ መነሻ አይከፋም። ነገሩ ግን ግሡ ወደ ኋላ ነው የሚያየው። «እንደምን አደሩ» የሚጠይቀው ስላለፈው ሌሊት ነው፤ «እንደምን ዋሉ» ስላለፈው ቀን፤ «እንደምን አመሹ» ስላለፈው ምሽት። ስለዚህ ሰባት ሰዓት ላይ ለዛሬ መጀመሪያ የተገናኘኸው ሰው «እንዴት አደርክ?» ቢልህ አልተሳሳተም፤ ከትናንት ወዲህ አላየህምና። ያን ጊዜ «አይ፣ አሁንማ ዋልክ ነው» ብሎ ማረም ነውር ነው። በአደረ ከመጣ በአደረ ትመልሳለህ። ይህን ነው ተማሪዎቼ እንዲይዙልኝ የምፈልገው፦ ጊዜውን ከጠየቀህ ሰው ውሰድ፤ አንተ ወይስ እርስዎ የሚለውን ግን ራስህ አስላው። በሰሃኑ ምሳሌ ካልን ሰሃኑ የእሷ ነው፣ ያንኑ ሰሃን ነው የምትመልሰው፤ በውስጡ የሚገባው ግን የአንተ ነው። (በቃ፣ ሰሃኑን እዚህ ላስቀምጠው።)

ብዙ ቀን ከተለያያችሁ ደግሞ የቀኑ ሰዓት ራሱ ይወድቃል። ለሁለት ሳምንት ያላየኸውን ሰው በጠዋት «እንደምን አደሩ» ብቻ ብትለው ይቀዘቅዛል፤ «እንደምን ሰነበቱ» ነው ወጉ። ወራት ካለፉ፣ በተለይ ክረምቱ መሀል ከገባ፣ «እንደምን ከረሙ»። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነገሥታት ደብዳቤዎችም እንዲህ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ እንዴት ሰንብተዋል ብለው ጠይቀው፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ካሉ በኋላ ነው ወደ ነገሩ የሚገቡት። በደብዳቤ መልሱ እስኪመጣ ስለሚዘገይ ጥያቄውንም ምስጋናውንም አንዱ ወገን አንድ ላይ ይጽፈዋል።

ስንብት ላይ ያው ግሥ ፊቱን ወደሚመጣው ጊዜ ያዞራል። ማታ ስትገናኙ «እንደምን አመሹ»፣ ማታ ስትለያዩ «ደህና ይደሩ»። ማታ ቤት ሲገባ «ደህና አምሹ!» ብሎ ሰላም የሚል ሰው አለ፤ ያ የመውጫ ቃል ነው፣ መግቢያ አይደለም። ደግሞ እዚህ ጥሩ ወጥመድ አለ። «እንደምን ዋሉ» ለአንድ አዛውንት ትክክል ነው። «ደህና ዋሉ» ግን ትእዛዝ ስለሆነ የእናንተ ነው፤ ለእርስዎ «ደህና ይዋሉ» ነው። ፊደሉ አንድ፣ ሰውየው ሌላ። በችኮላ «ደህና ዋሉ» ተብለው የሚቆጡ ብዙ አላየሁም፤ ጆሮ ያለው ሰው ግን ይሰማዋል።

መድገም ራሱ የሚያስቅባቸው ሰላምታዎችም አሉ፤ ለዚያ ሠንጠረዥ ሠሪ በተለይ ባሳየው ደስ ይለኛል። በበዓል «እንኳን አደረሰህ» ሲሉህ መልሱ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ነው። «እንኳን ደህና መጣህ» ሲባል «እንኳን ደህና ቆያችሁ»። በድሮው ወግ ታላቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠው ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል፤ የገባው «በእግዜር» ይላል። የገባውም ኖር ብሎ ቢመልስ ሁሉም ቆሞ መዋሉ ነው። «አሰላሙ አለይኩም» ላለህም መልሱ «ወአለይኩሙ ሰላም» ነው፤ እዚያም ቃሉ ተገልብጦ ይመለሳል።

ምን እንደምትል ግራ ከገባህ፣ ስልክ ላይ ድምፁ ሽማግሌ ይሁን ጎረምሳ ካልለየህ፣ «ጤና ይስጥልኝ» አለልህ። ቃሉ ላይ አንተም አንቺም እርስዎም የለም፤ ጠዋትም ማታም የለም። እዚህ ብቻ ነው ደግሞ መመለስ ያለ ጥርጥር የሚሠራው፤ ጤና ይስጥልኝ ላለ ጤና ይስጥልኝ። «ሰላም ነው?» የሚለውን ወጣቱ የሚወደውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ ማንንም ሳይመዝን ያልፋል። ግን የሚያስጠልልህ ለአንድ ዙር ነው። ቀጥሎ «ማን ልበል?» እንዳልክ ወይም ወደ ጉዳዩ እንደገባህ ግሥ ይመጣል፣ ግሡ ደግሞ ሰውዬውን አንተ ወይ እርስዎ ማድረጉ አይቀርም። ያን ጊዜ እርስዎን አስቀድም። ሰውየው «ኧረ አንተ በለኝ» ብሎ ያወርድሃል፤ ከአንተ ጀምሮ ወደ እርስዎ መውጣት ግን ለሁለታችሁም ያሳፍራል። አምልጦህ «አለህ?» ካልክም ይቅርታ እያልክ አታክብደው፤ በሚቀጥለው ግሥ «ይሰማዎታል?» ብለህ ቀጥል።