«ባዮስ ከሌላ ላፕቶፕ ገልብጦ መጫን ይቻላል» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

«ባዮሱ ከተበላሸ ከሌላ ላፕቶፕ የተገለበጠ ፋይል ቺፑ ላይ መጫን ነው፤ ይነሳል።»

አዳማ ውስጥ ላፕቶፕ የሚጠግኑ ልጆች ይህን ሲሉ በተደጋጋሚ እሰማለሁ። ባዮስ ላፕቶፑን የሚያስነሳው፣ ቦርዱ ላይ ባለ ትንሽ ቺፕ ውስጥ የሚቀመጥ ፕሮግራም ነው። በአሮጌ ማሽኖች ላይ ብዙ ጊዜ ይሠራ ነበር። ከእ.ኤ.አ. 2013 ወዲህ በወጡ ብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ግን ቡት ጋርድ የሚባል ጥበቃ አለ፤ ባዮሱን ከመነሳቱ በፊት ፕሮሰሰሩ ራሱ ይፈትሸዋል።

ማሽኑ ሲበራ ራሙ ገና ሥራ አልጀመረም። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ከባዮስ ቺፑ ላይ ኢንቴል የፈረመበትን ትንሽ ኮድ ወደ ውስጣዊ ካሹ ያመጣና ፊርማውን ያረጋግጣል። ያ ኮድ በበኩሉ የላፕቶፑ አምራች በቺፕሴቱ ውስጥ ባለ፣ አንዴ ከተጻፈበት በማይለወጥ ፊውዝ ላይ ያቃጠለውን የቁልፍ ሃሽ ያነባል። ሃሽ እንደ ጣት አሻራ ነው፤ አንድ ባይት ቢቀየር ሌላ ይሆናል። ባዮስ ቺፑ ላይ ያለው የአምራቹ ቁልፍ ከፊውዙ ጋር ከተስማማ፣ በዚያ ቁልፍ የተፈረመው የባዮሱ የመጀመሪያ ክፍል ይፈተሻል። ያ ክፍል ሥራ የሚጀምረው ይህን ካለፈ ብቻ ነው።

አንድ ሰው ይህን ክፍል የነካ ፋይል ጫነ እንበል። ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፤ ወይም ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። ብዙ ባለሙያ «ቦርዱ ሞቷል» የሚለው እዚህ ላይ ነው፤ ያሳዝናል። ቺፑ ሳይነካ በፊት የተነበበው የራሱ ፋይል ካለ መልሰው ይጫኑት፤ ከተነሳ ቦርዱ ደህና ነው። ለዚህ ነው ቺፑን ሳይነኩ በፊት ሁለት ጊዜ አንብቦ ሁለቱ ንባቦች አንድ መሆናቸውን ማየት የሚያስፈልገው።

«Secure Boot አጥፍቼዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚከለክለኝ የለም።»

Secure Boot ባዮሱ ራሱ ከተነሳ በኋላ ዊንዶውስን የሚያስነሳውን ፋይል የሚፈትሽበት ነው። ቡት ጋርድ ከዚያ በፊት ይሠራል፤ የተቃጠለን ፊውዝ ደግሞ ከሜኑ ማጥፋት አይቻልም።

«ፊርማው ካለፈ ባዮሱ ችግር የለበትም ማለት ነው።»

ፊርማው የሚናገረው ማን እንደፈረመውና ከዚያ ወዲህ አለመቀየሩን ብቻ ነው። የዚያው አምራች የሌላ ሞዴል ፋይል በአንድ ቁልፍ ከተፈረመ ፍተሻውን ያልፋል፤ ግን ለዚያ ቦርድ አይሆንም። ክፍተት ያለበት የድሮ ባዮስም የአምራቹ ፊርማ አለው። ከሁሉ የከፋው የፈራሚው ቁልፍ ሲሰረቅ ነው፤ በእ.ኤ.አ. 2023 ከላፕቶፕ አምራቹ ኤምኤስአይ የሾለኩት ፋይሎች ውስጥ የቡት ጋርድ ቁልፎች ተገኝተዋል። ሃሹ ቺፕሴት ውስጥ ስለተቃጠለ ቀድሞ በተሸጡት ማሽኖች ላይ በአፕዴት ሌላ ቁልፍ መተካት አይቻልም።

ጥበቃው በሁሉም ማሽን ላይ አልበራም፤ አምራቹ ፊውዙን ሳያቃጥል የሸጠውም አለ። ሊኑክስ የሚነሳ ማሽን ካለ፣ ባዮሱን ከመንካት በፊት ይህን ማስኬድና BootGuard የሚሉትን መስመሮች ማየት ነው፦

```
fwupdmgr security
```