የደረሰኝ ማቆያ ጊዜ ምንድን ነው? 10 ዓመት መቆየት ያለበት ሰነድ፣ በሁለት ዓመት በሚጠፋ ወረቀት ላይ

የደረሰኝ ማቆያ ጊዜ ማለት አንድ ግብር ከፋይ የገዛበትንና የሸጠበትን ደረሰኝ፣ ገቢዎች «አምጣ» ባለው ቀን አውጥቶ ማሳየት በሚችልበት ሁኔታ ይዞ የመቆየት ግዴታ ያለበት ጊዜ ነው። ሁለት ነገር አብረው ይሄዳሉ፤ ደረሰኙ መኖር አለበት፣ ጽሑፉም መነበብ አለበት። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አሟልቶ በሁለተኛው ይወድቃል።

ዘመኑን የሚወስነው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ነው። አንቀጽ 17 ሁለት መለኪያ ያስቀምጥና ከሁለቱ የሚረዝመውን ያዝ ይላል። አንደኛው የንግድ ሕጉ ለሂሳብ ሰነዶች ያስቀመጠው ጊዜ ሲሆን እሱም 10 ዓመት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሰነዱ የሚመለከተው የግብር ዘመን ዲክላሬሽን ለገቢዎች ከቀረበበት ቀን ጀምሮ የሚቆጠር 5 ዓመት ነው። ስለዚህ የሂሳብ መዝገብ የሚይዝ ድርጅት በተግባር የሚያስበው 10 ዓመትን ነው። ሰነዶቹ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ መያዝ አለባቸው። በሌላ ቋንቋ ከሆኑ ገቢዎች ፈቃድ ባለው ተርጓሚ በከፋዩ ወጪ እንዲተረጎሙ ሊጠይቅ ይችላል።

«5 ዓመት ካለፈ በኋላ ማን ይጠይቀኛል?» የሚሉ አሉ። አባባሉ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ገቢዎች ከፋዩ ራሱ ባቀረበው ዲክላሬሽን ላይ ተመልሶ የተሻሻለ ውሳኔ መስጠት የሚችለው በመደበኛው 5 ዓመት ሳያልፍ ነው። ነገር ግን ማጭበርበር ወይም ከባድ ቸልተኝነት አለ ከተባለ የጊዜ ገደብ የለም። በዚያ ጊዜ ራሱን ነጻ የሚያወጣበት ማስረጃ የሚያስፈልገው ከፋዩ ነው። በመካከሉ ክርክር ከተጀመረም ጊዜው ቢያልቅ እንኳ ክርክሩ እስከ መጨረሻው እስኪቋጭ ድረስ ሰነዱን ማስወገድ አይቻልም።

ነገሩን በአንድ ደረሰኝ እንየው። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በርና መስኮት የሚሠራ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለ እንበል፤ የተመዘገበው በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። ታኅሣሥ 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ከመርካቶ ላሜራና ቱቦላሬ በ50,000 ብር ገዛ። 15 በመቶ ቫት 7,500 ብር ሲጨመር የከፈለው 57,500 ብር ሆነ። ሻጩ ከካሽ ሬጂስተሩ የወጣውን ቀጭን ደረሰኝ በእጅ ከተጻፈው አታችመንት ጋር ስቴፕል አድርጎ ሰጠው።

ይህ ደረሰኝ ሁለት ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ በታኅሣሥ ወር የቫት ዲክላሬሽን ላይ 7,500 ብሩ የግብዓት ታክስ ሆኖ ይቀነሳል። ከዚያ በ2012 የትርፍ ግብር ላይ 50,000 ብሩ ወጪ ሆኖ ይያዛል። የዓመቱ ዲክላሬሽን የቀረበው ጥቅምት 20 ቀን 2013 ዓ.ም. ከሆነ 5 ዓመቱ የሚሞላው ጥቅምት 20 ቀን 2018 ነው። 10 ዓመቱን እኔ የምቆጥረው ደረሰኙ ከተቆረጠበት ቀን ሳይሆን ዓመቱ ተዘግቶ ዲክላሬሽኑ ከገባበት ቀን ነው፤ ጥቂት ወራት ቢያስረዝመው እንጂ አያሳጥረውም። በዚህ ስሌት ያ ደረሰኝ እስከ ጥቅምት 2023 ድረስ ከወርክሾፑ አይወጣም።

አሁን ኦዲተሩ በ2016 መጣና ያንን ደረሰኝ ጠየቀ። ሲወጣ ነጭ ሆኗል። ማሽኑ ያተመው ቁጥር፣ የሻጩ ቲን፣ የገንዘቡ መጠን አይታይም። ኦዲተሩ ሊያነበው ያልቻለውን ወጪ ካልተቀበለው የ50,000 ብሩ 30 በመቶ፣ ማለትም 15,000 ብር የትርፍ ግብር ይጨመራል። የተቀነሰው 7,500 ብር ቫትም ይመለሳል። ከአንድ ወረቀት 22,500 ብር መጣ ማለት ነው፤ ቅጣትና ወለድ ገና አልተነካም። ብረቱ በእርግጥ ተገዝቷል፣ በሩም ተሠርቶ ተሸጧል፣ ብሩም በእርግጥ ተከፍሏል። የጠፋው ቀለሙ ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ አዋጁ በአንቀጽ 103 ሰነዱን እስከ ተወሰነለት ጊዜ ድረስ ያልያዘ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ 50,000 ብር እንዲቀጣ ደንግጓል።

ቀለሙ ለምን ይጠፋል? የካሽ ሬጂስተር ወረቀት ላይ የሚፈስ ቀለም የለም። ወረቀቱ ራሱ በኬሚካል የተቀባ ነው፤ የማሽኑ ጭንቅላት በሙቀት ሲነካው ኬሚካሎቹ ቀልጠው ይዋሃዱና የተነካው ቦታ ይጠቁራል። ሙቀት የጻፈውን ታዲያ ብዙ ነገር ያጠፋዋል። ፀሐይና ብርሃን ያደበዝዙታል፤ የእጅ ቅባት፣ የማሽን ዘይት፣ ሳኒታይዘር ላይ ያለው አልኮል ያጠፉታል። ሰው የማይጠረጥረው ግን ፕላስቲክ ነው። ለስላሳና ግልጽ የሆነው የፋይል ኪስ ውስጥ ያለው ማለስለሻ ቀስ እያለ ወደ ወረቀቱ ይገባና ጽሑፉን ያነሳዋል፤ ስኮች የተለጠፈበት መስመርም እንደዚሁ ይጠፋል። «እንዳይበላሽ» ተብሎ ላሚኔት ቢደረግ ደግሞ የማሽኑ ሙቀት ሙሉውን ወረቀት ያጠቁረዋል።

ዳር ላይ ያሉ ወርክሾፖች ጉዳት የሚበዛባቸው በዚህ ምክንያት ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን ወይም ለገጣፎ በኩል ቢሮ የሚባለው ብዙ ጊዜ ቆርቆሮ ክፍል ወይም ኮንቴይነር ነው። በበጋ እኩለ ቀን ጣሪያው ሥር የተሰቀለ ቦክስ ፋይል ይጋገራል። በክረምት እርጥበቱ ከወለሉ ይወጣል፣ አይጥም ይገባል። ስለዚህ ፋይሉ ከወለል ከፍ፣ ከጣሪያው ግን ዝቅ ብሎ፣ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ ሳይሆን በተቃራኒው መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ከተቻለ ያለፉት ዓመታት ፋይሎች የብሎኬት ቤት ባለበት፣ መኖሪያ ቤትም ቢሆን፣ ቢቀመጡ ይሻላል።

ትልቁ መድኃኒት ግን ደረሰኙ በገባበት ቀን ፎቶ ኮፒ ማድረግ ነው። ኮፒው በተራ ወረቀት ላይ ስለሆነ አይጠፋም። ዋናው ደረሰኝ ከኮፒው ኋላ በስቴፕል ይያያዛል፤ ስቴፕሉ ጽሑፍ ላይ አይረፍ። ከዓመታት በኋላ ዋናው ነጭ ቢሆን እንኳ አይጣል። ኦዲተሩ ነጩን ወረቀት፣ ኮፒውን፣ አታችመንቱንና የባንክ ክፍያውን ጎን ለጎን ሲያይ የሚያምነው ነገር ያገኛል፤ ኮፒ ብቻውን ግን ጥያቄ ያስነሳል። አዋጁ በኤሌክትሮኒክ መልክ መያዝንም ይፈቅዳል፤ ቢሆንም የወርክሾፑ ደረሰኝ በተቆረጠበት በ2012 ይሠራበት የነበረው የቫት አዋጅ ቁጥር 285/1994 የተቀበሉትን ደረሰኝ ዋናውን ያዙ ስለሚል፣ ስካን አደረግሁ ብሎ ወረቀቱን መጣል አያዋጣም።

በስልክ ማንሳትም ይቻላል። ደረሰኙን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርግቶ፣ ጥላ ሳያርፍበት፣ ከላይ ካለው ቲን እስከ ታች ካለው የማሽን ቁጥር ድረስ በአንድ ፎቶ ማስገባት ነው። በቴሌግራም ለሂሳብ ባለሙያው የሚላከው እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን፤ እንደ ፎቶ ሲላክ መጠኑ ስለሚቀንስ ጥቃቅኑ ቁጥር ይደበዝዛል። የፋይሉ ስም ከሌለ ደግሞ ሺህ ፎቶ ውስጥ አንዱን ማግኘት ጭንቅ ነው። ለላይኛው ደረሰኝ ስሙ ይህን ይመስላል፦

```
2012-04_PV0118_FS00003472_57500.jpg
```

ዓመቱ፣ ወሩ (ታኅሣሥ አራተኛ ነው)፣ የክፍያ ቫውቸሩ ቁጥር፣ ማሽኑ ያተመው የኤፍኤስ ቁጥር፣ ገንዘቡ። ፎቶዎቹ በኮምፒውተርና በሌላ ቦታ ባለ ፍላሽ ወይም ጉግል ድራይቭ ላይ ይቀመጡ፤ ስልክ ብቻ ላይ ካሉ ስልኩ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ።

የቀን ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ ላይ የሚታተመው የፈረንጅ ቀን ነው፣ ዲክላሬሽን የሚደረገው ግን በእኛ ወር። የወርክሾፑ ደረሰኝ ላይ የሚነበበው 03/01/2020 ነው። በዚያ ዓመት 09/01/2020 ታኅሣሥ 30፣ 10/01/2020 ደግሞ ጥር 1 ነበር። ሁለቱም ጃንዋሪ ስለሆኑ አንድ ላይ የሚያስር ሰው አንዱን ደረሰኝ ከተቀነሰበት ወር ፋይል ውጭ ያስቀምጠዋል፤ በኦዲት ጊዜ «ዲክሌር የተደረገ፣ ደረሰኝ ያልተገኘለት» የሚባለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነው። ኮፒው ላይ ከላይ በቀኝ የእኛን ቀንና የቫውቸሩን ቁጥር መጻፍ ይህን ይዘጋዋል።

ፋይሉ በሻጭ ስም ሳይሆን ዲክሌር በተደረገበት ወር መከፈል አለበት። ምክንያቱም ኦዲተር ከላይ ወደ ታች ነው የሚሄደው፦ ዲክላሬሽኑን ይይዛል፣ ከመዝገቡ ላይ አንድ መስመር ይመርጣል፣ ቫውቸሩን ይጠይቃል፣ ከቫውቸሩ ሥር ደረሰኙን ይፈልጋል። የታኅሣሥ ፋይል ሲከፈት ከላይ የወሩ የቫት ዲክላሬሽንና የክፍያው ማረጋገጫ፣ ቀጥሎ የግዢ ዝርዝሩ፣ ከዚያ ቫውቸሮቹ በቁጥር ቅደም ተከተል ከነደረሰኞቻቸው፣ በመጨረሻ የሽያጭ በኩሉ የየቀኑ ዜድ ሪፖርት ይገኛል። ዜድ ሪፖርትም በዚያው ወረቀት ስለሚወጣ አብሮ ኮፒ ይደረጋል። የተሰረዘ ቫውቸር ካለ ከነጽሑፉ በቦታው ይግባ፤ ቁጥር ከዘለለ ኦዲተሩ ቆም ይላል።

ብዙ ወርክሾፕ በወር ሁለት ሦስቴ ብቅ የሚል የሂሳብ ባለሙያ ነው ያለው፣ ፋይሉም የሚያድረው መሀል ከተማ እሱ ቢሮ ነው። ባለሙያው ሲቀየር ወይም ቢሮው ሲዘጋ ዓመታት አብረው ይሄዳሉ። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ግብር ከፋዩን ነው። ስለዚህ ፋይል ሲወጣ የትኛው ወር፣ ከየትኛው እስከ የትኛው ቫውቸር እንደሆነ በወረቀት ተጽፎ ተረካቢው ይፈርምበት፣ ዲክላሬሽኑ እንደገባም ይመለስ።

አሁን መደርደሪያ ላይ ያሉ ደረሰኞች መደብዘዝ ከጀመሩ የሚቀድመው ከአዲሶቹ ሳይሆን ትልቅ ብር ካለባቸው መጀመር ነው። ግራጫ የሆነ ጽሑፍ በስካነር ጥቁረቱ ከፍ ተደርጎ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ይነበባል። ጨርሶ ከጠፋ አታችመንቱ ላይ ባለው ስምና ቀን ሻጩ ዘንድ ሄዶ በእሱ በኩል የቀረውን ኮፒ በማኅተም ማስረጋገጥ ይሞከራል። ይህ የሚሆነው ሻጩ ሱቁን ሳይዘጋ፣ እሱም የራሱን ሰነድ ሳይጥል ነው፤ ስለዚህ ኦዲተሩ ደብዳቤ እስኪልክ አይጠበቅም።