ፍጹም ፒችና አንጻራዊ ፒች እንዴት ይጠናሉ?

የፒያኖ ድምፅ ከሌላ ክፍል ሰምቶ ወዲያው «ይህ ፋ ነው» የሚል ሰው አለ። የሚያነጻጽርበት ሌላ ድምፅ አያስፈልገውም። ይህ ችሎታ ፍጹም ፒች ይባላል፤ ፒች ማለት የድምፅ ቅጥነት ወይም ጉርናኔ ነው። አንጻራዊ ፒች ግን በድምፆች መካከል ያለውን ርቀት መለየት ነው። አንድ ዜማ በቀጭን ድምፅም በጎርናና ድምፅም ቢዘፈን ያው ዜማ መሆኑን የምናውቀው በዚህ ነው። አዝማሪ ማሲንቆውን በራሱ ድምፅ ልክ ሲቃኝም የሚሠራው በዚሁ ችሎታ ነው።

ተመራማሪዎችን የሚያስቸግረው ሁለቱን መነጠል ነው። አንጻራዊ ፒቹ የሰላ ሙዚቀኛ አንዷን ኖታ ካወቀ ሌሎቹን ከእሷ እየቆጠረ ይደርስባቸዋል። ውጤቱ ሲታይ ፍጹም ፒች ያለው ይመስላል።

ዳያና ዶይች እና ባልደረቦቿ በ2006 ያወጡት ጥናት ይህን በር ለመዝጋት ሞክሯል። የቤጂንግና የአሜሪካ የሙዚቃ ተማሪዎች 36 የፒያኖ ኖታዎች ሰምተው ስማቸውን ጻፉ። ተከታታይ ኖታዎች ከአንድ ኦክታቭ በላይ፣ ማለትም ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ካለው ርቀት በላይ፣ ይራራቁ ነበር። ምክንያቱም ርቀቱ ሲሰፋ ቆጥሮ መድረስ ይከብዳል። ትክክል ይሁን ስህተት ማንም አልነገራቸውም፤ ቢነገራቸው ያቺው መልስ መነሻ ትሆናቸው ነበር። 12 የኖታ ስሞች ስላሉ፣ በግምት ብቻ የሚመልስ ሰው ከ36ቱ ሦስት ያህል ያገኛል። መስፈርቱ ግን 85 በመቶ ነበር። ስለዚህ 31 ገደማ ማግኘት ያስፈልጋል። በ4 ወይም በ5 ዓመታቸው ሙዚቃ ከጀመሩት መካከል ከቻይናዎቹ 60 በመቶ ያህሉ፣ ከአሜሪካኖቹ 14 በመቶው አለፉ። ዶይች ልዩነቱን ከማንዳሪን ቋንቋ ጋር ታያይዘዋለች፤ በማንዳሪን የድምፅ ከፍና ዝቅ የቃሉን ትርጉም ይለውጣል። ዘር ይሁን ቋንቋ ግን ይህ ንጽጽር ብቻውን አይለየውም።

በተቃራኒው በኩል የጃፓኑ ኬንኢቺ ሚያዛኪ ያሳየው ነገር እኔን በጣም ይገርመኛል። ፍጹም ፒች ላላቸው ሰዎች ሁለት ድምፆች አሰምቶ በመካከላቸው ያለውን ርቀት እንዲናገሩ ጠየቃቸው። መነሻው ዶ ሲሆን ጎበዞች ነበሩ። መነሻው ፋ ዲየዝ ወይም ከቅኝቱ ትንሽ የወጣ ሚ ሲሆን ግን ዘገዩ፣ ተሳሳቱም። ርቀቱን ከመስማት ይልቅ በኖታ ስም ያሰሉ ነበር ማለት ነው። ፍጹም ፒች ጥሩ አንጻራዊ ፒች ይዞ አይመጣም።

ስም መስጠት ለማይችል ሰውስ? ዳንኤል ሌቪቲን በ1994 ባሳተመው ጥናት 46 ተማሪዎች በደንብ የሚያውቁትን ዘፈን ከትዝታቸው እንዲዘፍኑ አደረገ። ከዚያም የመጀመሪያዎቹን ድምፆች ከሲዲው ጋር አነጻጸረ። ከሁለት ሙከራቸው ቢያንስ በአንዱ የዘፈኑን ትክክለኛ ፒች ያገኙት 40 በመቶ ነበሩ። ድምፁ ትዝታቸው ውስጥ አለ፤ የጎደላቸው ስሙ ነው። ፈተናው አንድ ድክመት አለው፤ ከዘፈኑ ጋር አብሮ የሚዘፍን ሰው ጉሮሮውም ቦታውን ይለምዳል። ግሌን ሼለንበርግ እና ሳንድራ ትሬሀብ በኋላ ሰዎቹን ማዘፈን ትተው ማሰማትን መረጡ። የታወቁ የቴሌቪዥን መክፈቻ ዜማዎችን እንዳሉና አንድ ወይም ሁለት ግማሽ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ አድርገው አጫወቱላቸውና ዋናው የትኛው እንደሆነ ጠየቋቸው። ግማሽ ድምፅ በፒያኖ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው። ሁለት ግማሽ ድምፅ ሲዛወር ከመልሶቹ 70 በመቶ ያህሉ ትክክል ነበሩ፤ በአንድ ግማሽ ድምፅ ሲሆን ግን ወደ 58 በመቶ ወረደ።