የመድኃኒት «የመጨረሻ ቀን» ምንድን ነው? ጠዋትና ማታ የሚዋጥ መድኃኒት መቼ ያልቃል?

አዳማ ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ማታ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ሰው ይበዛል። አንድ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ አንዲት እናት የታዘዘላቸውን አንቲባዮቲክ ሊገዙ መጡ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ለ7 ቀን። 14 ፍሬ ቆጥሬ ሰጠኋቸው። የመጀመሪያዋን እዚያው በውሃ ዋጧት። ሊወጡ ሲሉ ዞር ብለው «ልጄ፣ መቼ ነው የሚያልቅልኝ?» አሉኝ። እኔ ሳልመልስ አብራቸው የመጣችው ልጃቸው ጣቷን ማጠፍ ጀመረች። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። «ረቡዕ ማታ ትጨርሻለሽ፣ እማዬ» አለቻቸው።

ሰባት ጣት ታጥፏል፤ ቆጠራው ልክ ይመስላል። ግን ረቡዕ ማታ አንድ ፍሬ ይተርፋል። ብዙ ሰው ያቺን ፍሬ ሲያይ «አንዱን ረስቼ ነው» ወይም «አብዝተው ሰጥተውኛል» ይልና መሳቢያ ውስጥ ይተዋታል። የረሳም፣ ያበዛም የለም። ፍሬዋ የሐሙስ ጠዋት ናት።

እንዴት? ሐኪሙ «ለ7 ቀን፣ በቀን ሁለት ጊዜ» ሲል ያዘዘው 14 ዶዝ ነው። «ቀን» የሚለው ቃል እዚህ ጋ ሁለት ዶዝ የሚይዝ ጥንድ ማለት ነው እንጂ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካላንደር አንድ ሳጥን ማለት አይደለም። እኚህ እናት ሐሙስ ላይ የወሰዱት አንድ ዶዝ ብቻ ነው፤ የሐሙስ ጠዋት መድኃኒቱ ሳይታዘዝ አልፏል። ስለዚህ ሐሙስን እንደ ሙሉ ቀን መቁጠር አይቻልም። ዶዙን ተራ በተራ እንቁጠረው። ሐሙስ ማታ 1ኛው። ዓርብ 2ኛውና 3ኛው። ቅዳሜ 4ኛውና 5ኛው። እሁድ 6ኛውና 7ኛው። ሰኞ 8ኛውና 9ኛው። ማክሰኞ 10ኛውና 11ኛው። ረቡዕ 12ኛውና 13ኛው። 14ኛው ሐሙስ ጠዋት ላይ ይውላል። በመጀመሪያው ሐሙስ ጠዋት የጎደለው ግማሽ ቀን፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት ተሞላ ማለት ነው።

ያው መድኃኒት ሐሙስ ጠዋት ተጀምሮ ቢሆን ኖሮ የልጅቷ ጣት ልክ ነበር። ሐሙስ ሁለቱንም ዶዝ ይይዛል፣ መጨረሻውም ረቡዕ ማታ ይሆናል።

ይህንን በአማርኛ ለማስታወስ ቀላል መንገድ አለ፣ እኔም ሁሌ የምጠቀምበት ነው። እኛ አንድ ሳምንት ለማለት «የዛሬ ስምንት» እንላለን፣ ሁለት ሳምንት ለማለት ደግሞ «የዛሬ አሥራ አምስት»። ዛሬን ጨምረን ስለምንቆጥር ነው። ሐሙስ ቆመን «የዛሬ ስምንት» ካልን ቀጣዩን ሐሙስ ማለታችን ነው። እንግዲህ የ7 ቀን መድኃኒት ማታ ከተጀመረ የሚያልቀው የዛሬ ስምንት ጠዋት ነው። የ14 ቀን ከሆነ የዛሬ አሥራ አምስት ጠዋት። ማለትም በጀመሩበት ዕለት ስም፣ ግን በጠዋቱ። ጠዋት ከተጀመረ ደግሞ ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ በዋዜማው ማታ ያልቃል። በቁጥር ለሚወድ ሰው፦ ማታ ከጀመሩ የታዘዘውን የቀን ቁጥር በሙሉ በቀኑ ላይ ይደምሩና ጠዋቱን ይያዙ፤ ጠዋት ከጀመሩ አንድ ቀንሰው ይደምሩና ማታውን ይያዙ። ለ5 ቀንም ለ10 ቀንም ይሠራል።

አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ሰዓት ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት የዋጠ ሰው ማታም 1 ሰዓት ይዋጥ፤ መሀሉ ልክ 12 ሰዓት ነው። ቁጥሩ አንድ ስለሆነ አዛውንቶችም አይሳሳቱትም። የሚያሳስተው ሌሊት ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የተዋጠች ማታዋ የረፈደች ኪኒን፣ ስልኩ ላይ የነገ ቀን ሆና ትታያለች። ለእኛ ግን ያው የትናንቱ ማታ ነው፣ ከዚያው ማታ ጋር ትቆጠር።

አሁን ቀኑን ማወቅ የግድ ወደሚሆንበት ጉዳይ ልሂድ፣ የጨጓራ ባክቴሪያ። ኤች ፓይሎሪ የተገኘበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚታዘዝለት ሦስት መድኃኒት አንድ ላይ ነው፦ አሞክሲሲሊን 1 ግራም፣ ክላሪትሮማይሲን 500 ሚሊግራም፣ ኦሜፕራዞል 20 ሚሊግራም። ሁሉም ጠዋትና ማታ፣ ለ14 ቀን። ስለዚህ 28 ዶዝ ነው። አሞክሲሲሊኑ ባለ 500 ካፕሱል ከሆነ በአንድ ጊዜ ሁለት ይዋጣል፣ በድምሩ 56 ፍሬ። ሌሎቹ 28፣ 28 ፍሬ ናቸው።

አንድ ሰው ይህንን ነሐሴ 25 ቀን 2017 ጀመረ እንበል፣ እሁድ ማታ። የሚያልቀው የዛሬ አሥራ አምስት ጠዋት ነው፣ እሁድ። ቀኑ ስንት ይሆናል? 25 ላይ 14 ሲደመር 39። ነሐሴ 30 ቀን ነውና 30 ይቀነሳል፣ 9 ይቀራል። እዚህ ላይ ነው ሰው «መስከረም 9» ብሎ የሚጽፈው። ጳጉሜን ረስቶ። 2017 ላይ ጳጉሜ 5 ቀን ነበረች፣ ስለዚህ 9 ሲቀነስ 5፣ መስከረም 4 ቀን 2018 ጠዋት። ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ መስከረም 3 ይሆን ነበር። ስህተቱን የሚይዘው የዕለቱ ስም ነው። የ14 ቀን መድኃኒት እሁድ ማታ ተጀምሮ እሁድ ጠዋት ካላለቀ ቆጠራው ተሳስቷል። መስከረም 9 ደግሞ ዓርብ ነበር።

ሦስቱ መድኃኒቶች አብረው ተጀምረው አብረው ማለቅ አለባቸው። ይህ ትልቅ ምልክት ነው። መጨረሻው ቀን ላይ ክላሪትሮማይሲኑና ኦሜፕራዞሉ አልቆ አሞክሲሲሊኑ 28 ፍሬ ከተረፈ፣ ሰውዬው ሁለት ሁለት መዋጥ ሲገባው አንድ አንድ ነው የዋጠው። አሞክሲሲሊኑ በሳምንቱ ካለቀ ደግሞ ከመጀመሪያው 56 ሳይሆን 28 ነው የተሰጠው። ይህንን በመጨረሻው ቀን ከማወቅ በሦስተኛው ቀን ማወቅ ይሻላል። እሁድ ማታ የጀመረ ሰው ረቡዕ ማታ ከዋጠ በኋላ የወሰደው 7 ዶዝ ነው። ስለዚህ 21 ክላሪትሮማይሲን፣ 21 ኦሜፕራዞል፣ 42 አሞክሲሲሊን ሊቀረው ይገባል። ካልገጠመ ጊዜ ሳይሄድ የቀረውን ይዞ ወደ መድኃኒት ቤቱ ይምጣ።

አንድ ዶዝ ከተረሳስ? እንዳስታወሱ መውሰድ ነው። የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈውን ለማካካስ ሁለቱን አንድ ላይ መዋጥ አይገባም፤ የተራውን ብቻ ይውሰዱ። በዚህ ጊዜ መጨረሻ ላይ አንድ ዶዝ ይተርፋል። አንቲባዮቲክ ከሆነ ብዙ ጊዜ የምንለው በቀጣዩ ተራ ውጠው ይጨርሱት ነው፣ መጨረሻውም በግማሽ ቀን ይገፋል። ጠዋት የነበረው ማታ ይሆናል። ከአንድ ጊዜ በላይ ከተዘለለ ግን በራስ መወሰን አይሆንም፣ ያዘዘው ሐኪም ይጠየቅ።

ወባ በሚበዛበት ከተማ ስለምንኖር ኮአርተምን ሳላነሳ አላልፍም። እሱም ለ3 ቀን፣ በቀን ሁለቴ ነው የሚባለው። ለአዋቂ በአንድ ጊዜ 4 ፍሬ፣ 6 ዶዝ፣ በድምሩ 24 ፍሬ። ልዩነቱ ሁለተኛው ዶዝ ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ መወሰዱ ነው። ሐሙስ ማታ 1 ሰዓት የጀመረ ሰው ሁለተኛውን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ይወስዳል፤ ሰዓት ይሙላ፣ ወተት ወይም ሌላ ቅባት ያለው ምግብ ከአጠገቡ ያስቀምጥ። ሦስተኛው ዓርብ ማታ 1 ሰዓት፣ ከዚያ ቅዳሜ ጠዋትና ማታ፣ መጨረሻው እሁድ ጠዋት። መሀሉ ቢለይም መጨረሻው ያው ነው። ማታ ተጀመረ፣ ሦስት ቀን ተደመረ፣ ጠዋት አለቀ።

ሽሮፕ ሲሆን ፍሬ መቁጠር አይቻልም። ለሕፃን 5 ሚሊ ጠዋትና ማታ ለ7 ቀን ከታዘዘ የሚያስፈልገው 70 ሚሊ ነው። ጠርሙሱ 100 ሚሊ ከሆነ 30 ሚሊ ይተርፋል፣ ሕክምናው ግን አልቋል። «እስኪያልቅ ስጪው» የሚለው ምክር እዚህ አይሠራም። ለዚህ እኔ ጠርሙሱ ካርቶን ላይ 14 ትንንሽ ሳጥን በእስክሪብቶ እሠራለሁ። እናት በሰጠች ቁጥር አንዱን ትሰርዛለች። ማታ ከጀመረች የመጀመሪያው ረድፍ ላይ የጠዋቱን ሳጥን ሰርዤ አንድ ከታች እጨምራለሁ፣ መጨረሻው ጠዋት ላይ መዋሉ በዓይን ይታያል።

ወደ ጨጓራው ሰው ልመለስ፣ የመጨረሻው ቀን ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ለእሱ ነውና። ባክቴሪያው መጥፋቱን የሚያሳየው የሰገራ ምርመራ የሚሠራው መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት በኋላ ነው። ኦሜፕራዞልም ከምርመራው በፊት ቢያንስ 2 ሳምንት ቆሞ መቆየት አለበት። ቀድሞ ከተመረመረ ባክቴሪያው ተዳክሞ ተደብቆ ሳለ «የለም» የሚል ውጤት ሊመጣ ይችላል። የደም ምርመራው ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋም በኋላ ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ስለሚችል ለዚህ አይሆንም። የእኛ ሰው መስከረም 4 ጠዋት ጨርሷል። 28 ቀን ሲደመር ጥቅምት 2 ነው፣ እሁድ። ሰኞ ጥቅምት 3 ጠዋት ናሙናውን ይዞ ላቦራቶሪ መሄድ ይችላል። ይህችን ቀን መድኃኒቱን በሰጠሁበት ማታ፣ ከመጨረሻው ቀን አጠገብ፣ ፖስታው ላይ ጽፌ ነው የምሰጠው።