«ኢድ» እና «ሂድ» በምን ይለያሉ? የማንቁርት እግድና ሹልክልክ ድምፆች

«ኢድ» እና «ሂድ» የሚሉት ቃላት አናባቢያቸውም መጨረሻቸውም አንድ ነው፤ የሚለያቸው መነሻቸው ብቻ ነው። ሁለቱም መነሻ ድምፆች ምላስና ከንፈር ሳይሳተፉባቸው፣ በማንቁርት ውስጥ ባሉት የድምፅ አውታሮች ይፈጠራሉ።

«ኢድ» ስንል አውታሮቹ ገጥመው ከሳንባ የሚመጣውን አየር ለቅጽበት ያግዱታል፤ ሲላቀቁም አናባቢው ወዲያው ይጀምራል። ከባድ ዕቃ ስናነሣ ትንፋሻችንን የምንቋጥረው በዚሁ ቦታ ነው። ይህ እግድ ድምፅ ይባላል። «ሂድ» ስንል ግን አውታሮቹ ሳይገጥሙ አየሩ በመካከላቸው እየሾለከ ያልፋል፤ ይህ ሹልክልክ ድምፅ ይባላል። አፋችን በዚያው ጊዜ የ«ኢ»ን ቅርጽ ስለያዘ የምንሰማው በሹክሹክታ የተባለ «ኢ» የመሰለ ትንፋሽ ነው፤ «ሁ» ስንል ትንፋሹ የሚለወጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በቃል መነሻ ላይ ልዩነቱን ለመፈተሽ መዳፍን ከአፍ ፊት አስጠግቶ ሁለቱን ቃላት ማለት ይበቃል፦ በ«ሂድ» ከአናባቢው በፊት ትንፋሽ ይሰማል፣ በ«ኢድ» አይሰማም። ከዚህም ሌላ የ«ሂድ»ን ትንፋሽ እስኪያልቅ ድረስ ማስረዘም ይቻላል፤ እግዱን ለማስረዘም የሞከረ ሰው የሚያገኘው ዝምታ ብቻ ነው።

የሚያስቸግረው በሁለት አናባቢዎች መካከል ሲገኙ ነው። «መሀል» ስንል አውታሮቹ እየተንቀጠቀጡ ስለሚቀጥሉ «ሀ» ለስላሳ፣ ትንፋሽ የተቀላቀለበት ድምፅ ይሆናል። በ«መዓት» ደግሞ እግዱ ሙሉ በሙሉ ሳይገጥም ሊቀር ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚሰማው እንደ መሰንጠቅ ያለ የድምፅ መቆራረጥ ነው። በጥንቃቄ ሲነገር ግን በ«መ» እና በ«ዓት» መካከል ግልጽ ዕረፍት አለ፤ በተቀዳ ድምፅ የሞገድ ሥዕል ላይም አጭር ክፍተት ሆኖ ይታያል።

እኔ ይበልጥ የማምነው ፈተና መስተዋድድ ማስቀደም ነው። «የአባት» በፈጣን ንግግር «ያባት»፣ «ለአንድ»ም «ላንድ» ይሆናል፤ እግዱ በቀላሉ ይዋጣልና። «የሀብት» ግን «ያብት» አይሆንም። አንድ ተናጋሪ «ካገር ወጣ» ካለ በአፉ ያለው «አገር» ነው፤ «ከሀገር» የሚል ሰው ግን ትንፋሹን ይዞታል። ሁለቱም አነጋገሮች የተለመዱ ስለሆኑ አንዱን ስሕተት ማለት አይገባም። «አሳብ» እና «ሀሳብ»ም እንዲሁ ናቸው።

በዚህ ጉዳይ ፊደል ብዙም አይረዳም። በአማርኛ አነጋገር «አ» እና «ዐ» አንድ እግድ ናቸው፤ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»ም አንድ ትንፋሽ ናቸው። በትግርኛ ግን «ዐ» እና «ሐ» ከማንቁርት ከፍ ብሎ፣ በጉሮሮ ጥበት የሚፈጠሩ ሌሎች ድምፆች ናቸው፤ ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ትግርኛ ሲማር እነዚህን እንደ አዲስ መለማመድ ይኖርበታል።