የመሟሟት ብዜት ምንድን ነው?

ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ በገደሉ ላይ ተደራርበው ከሚታዩት ድንጋዮች መካከል ጀሶ አለ። በጁራሲክ ዘመን አካባቢው ጥልቀት በሌለው ባሕር ተሸፍኖ ነበር። ውሃው እየተነነ ሲሄድ የሟሟበት ካልሲየምና ሰልፌት በዛበት። መያዝ ሲያቅተው ደግሞ ዘቀጠ።

ውሃው መያዝ የሚያቅተው መቼ ነው? ይህን በቁጥር የሚነግረን የመሟሟት ብዜት ነው። በኬሚስትሪ ሠንጠረዥ ላይ Ksp ተብሎ ይጻፋል።

ጀሶ ፈጭታችሁ ውሃ ውስጥ ብትጨምሩት ጥቂቱ ይሟሟል፤ የቀረው ከታች ይቀመጣል። ነገሩ የቆመ ይመስላል እንጂ አልቆመም። ከጠጣሩ የካልሲየምና የሰልፌት አዮኖች ይወጣሉ፤ የዚያኑ ያህል ተመልሰው ይለጠፉበታል። እዚህ ሚዛን ላይ ሲደረስ በሊትር ስንት ሞል ካልሲየምና ስንት ሞል ሰልፌት እንዳለ ለክታችሁ ሁለቱን አባዟቸው፤

Ksp = [Ca²⁺][SO₄²⁻] = 2.4 × 10⁻⁵

ይህ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ልብ በሉ፤ ቋሚ የሆነው ብዜቱ ነው እንጂ አንዱ አዮን ብቻውን አይደለም። አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል። የቀረው ታሪክ ሁሉ ከዚህች ነጥብ ይወጣል።

አሁን ሁለት ሶሉሽን እንቀላቅል። 100 ሚሊ ሊትር ካልሲየም ክሎራይድ አለን፤ መጠኑ በሊትር 0.008 ሞል ነው። በእሱ ላይ 100 ሚሊ ሊትር ሶዲየም ሰልፌት እንጨምራለን፤ እሱም 0.008 ነው። ዝቃጭ ይወጣል?

ደብረ ማርቆስ ሳስተምር ይህን ጥያቄ ስሰጥ ብዙዎቹ ተማሪዎች 0.008ን በ0.008 ያባዙ ነበር። 6.4 × 10⁻⁵ ያገኛሉ፤ ከKsp ስለሚበልጥ «ይዘቅጣል» ይላሉ። ስህተቱ ማባዛቱ ላይ አይደለም። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ውሃው 200 ሚሊ ሊትር ሆኗል፤ ስለዚህ የእያንዳንዱ አዮን መጠን በግማሽ ወርዶ 0.004 ነው። ትክክለኛው ብዜት 1.6 × 10⁻⁵ ይሆናል። ከKsp ያንሳል፤ ዝቃጭ አይወጣም። መልሱ የተገለበጠው ማቅጠኑ ስለተረሳ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ ቀላቅሉ፣ ቀጥሎ አዲሱን መጠን አስሉ፣ ከዚያ አባዙ።

ቀጥሎ የጋራ አዮን ውጤት የሚባለው ይመጣል። ጀሶ በንጹሕ ውሃ ሲሟሟ ካልሲየሙና ሰልፌቱ እኩል ናቸው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የKsp ካሬ ሥር፣ ማለትም 0.0049 ይሆናል። ውሃው አስቀድሞ 0.1 ሞል በሊትር ሶዲየም ሰልፌት ቢኖርበትስ? ሰልፌቱ ቦታውን ይዟል። ለካልሲየም የሚቀረው 2.4 × 10⁻⁵ ለ0.1 ሲካፈል ነው፤ 0.00024 ብቻ። በስሌቱ መሠረት የሚሟሟው ጀሶ 20 ጊዜ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። የጀሶው ጠባይ አልተለወጠም፣ Ksp ራሱም ንቅንቅ አላለም። ከሁለቱ አዮኖች አንዱ ቀድሞ ስለገባ ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ጀሶ ለዚህ ስሌት በጣም ታዛዥ አይደለም። በንጹሕ ውሃ ስትለኩት የሚሟሟው ወደ 0.015 ሞል በሊትር ነው፤ ካሰላነው ሦስት እጥፍ ገደማ። አንደኛው ምክንያት ካልሲየምና ሰልፌት ውሃ ውስጥ እንዳሉ ጥንድ ጥንድ ሆነው መያያዛቸው ነው። ጥንዱ ሟሟ ተብሎ ይቆጠራል እንጂ በብዜቱ ውስጥ አይገባም። ሁለተኛው፣ ሁለት ሁለት ቻርጅ የያዙ አዮኖች ሲበዙ እርስ በርስ ይሳሳባሉ፤ ስለዚህ ከቁጥራቸው ያነሱ ያህል ነው የሚሠሩት። በዚህም ምክንያት የጋራ አዮኑ የሚያመጣው ቅነሳ በተግባር ከ20 እጥፍ በጣም ያነሰ ነው። ብዜቱ ከKsp ትንሽ ብቻ ቢበልጥ በጀሶ ላይ «ይዘቅጣል» ብዬ አልወራረድም።

ካልሲየም ክሎራይዱንና ሶዲየም ሰልፌቱን ሁለቱንም 0.1 አድርጋችሁ እኩል እኩል ብትቀላቅሉ ግን ሌላ ነው። ከቀጠነ በኋላ እያንዳንዱ 0.05፣ ብዜቱ 2.5 × 10⁻³ ይሆናል። ከKsp 100 ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ መዝቀጡ አይቀርም። ያም ሆኖ ብርጭቆው ለጊዜው ጥርት ብሎ ሊቆይ ይችላል፤ ክሪስታል የሚጀምርበት ነገር ይፈልጋል። «ስሌቱ ተሳሳተ» ብላችሁ አትድፉት። የብርጭቆውን ውስጠኛ ግድግዳ በመስታወት ዘንግ ፋቅ ፋቅ አድርጉት፣ ወይም ቅንጣት የጀሶ ዱቄት ጣሉበት። ትንሽ ታገሱትና ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ተመልከቱ፤ መርፌ የመሰሉ ቀጫጭን ነጭ ክሪስታሎች ማደግ ይጀምራሉ።