«asa tbs» ብላ የፈለገችው አክስቴ፦ ስለ ቪዲዮ ርዕስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«በላቲን እየፃፈ የሚፈልገው ውጪ ሀገር ያለው ሰው ነው፣ እዚ ያለው በፊደል ነው ሚፅፈው»

አክስቴ ባህር ዳር፣ ጣና ዳር አሳ ትጠብሳለች፣ ውጪ ሀገር ሄዳ አታውቅም። ባለፈው ቆሮሶ ሚባለውን አሳ ስትገፍ፣ ጎንና ጎኑን በቢላ ስትሰነጥቅ፣ ዘይት ውስጥ ስትለቀው ቀርጬ ዩትዩብ ላይ ጫንኩላትና ርዕሱን «ዋው!! ይሄን ሳያዩ ባህር ዳር እንዳይመጡ» አልኩት፣ ያው ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ። ማታ ደወለች፣ «አንተ ልጅ፣ ቪዲዮው የለም እኮ፣ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት» አለችኝ። ሄጄ ስልኳን ሳየው መፈለጊያው ላይ የፃፈችው `asa tbs` ነው። ስልኳ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ አልተጫነም፣ ቴሌግራም ላይም ከልጆቿ ጋር ምትፃፃፈው እንደዛው ነው፣ ብዙ ሰው ደግሞ ኪቦርዱ እያለውም ቶሎ ሚመጣለት ላቲኑ ነው። የኔን ርዕስ ደግሞ ተመልከቱት፣ አሳ ሚል ቃል በፊደልም የለ በላቲንም የለ፣ ዋው ብሎ ሚፈልግ ሰው ካለ እሱ ነው ሚያገኘው።

«ዩትዩብ ራሱ አውቆ ላቲኑን ከፊደሉ ጋር ያገናኘዋል»

ዶሮ ወጥ ላይ ሊሆንልህ ይችላል፣ ምክንያቱም doro wot ብሎና ዶሮ ወጥ ብሎ አንድ ላይ የፃፈ ቪዲዮ ብዙ ስላለ ሁለቱ ቃላት ተላምደዋል። ወደ ጣና አሳ ስትመጣ ግን ይሄን ተስፋ አድርገህ አትቀመጥ። መሞከር ቀላል ነው፣ ስልክህ ላይ ኢንኮግኒቶ ክፈት (በራስህ አካውንት ከፈለግክ ያየኸውንና የራስህን ቪዲዮ እያስቀደመ ያታልልሃል)፣ ከዛ በላቲን ብቻ ፃፍና ውረድ፣ ውረድ። የኛ በላቲን ጭራሽ አልመጣም፣ በፊደል «አሳ ጥብስ» ስልም አልመጣም፣ እሱ እንኳን የኔ ጥፋት ነው።

«ትክክለኛው የላቲን አፃፃፍ አንድ ነው፣ እሱን ካወቅኩ አለቀ»

ለመፅሐፍና ለካርታ የወጣ ህግ ሊኖር ይችላል፣ መፈለጊያ ላይ ግን ሚፅፈው ሰው ህግ አያውቅም፣ በጆሮው ነው ሚፅፈው። ሚለያዩበት ቦታ ግን ዝም ብሎ የተበተነ አይደለም፣ ካወቅከው ትገምተዋለህ። አንደኛው ሳድስ ነው፦ ጥ ብ ስ ሶስቱም ሳድስ ናቸው፣ ላቲን ደግሞ ለሳድስ የራሱ አናባቢ የለውም፣ ስለዚ አንዱ `tibs` ይላል፣ አንዱ `tebs`፣ እንደ አክስቴ ያለው ደግሞ አናባቢውን ጥሎት `tbs` ብሎ ያልፋል። ሁለተኛው እንደ ቀ ያለው ጠንካራ ድምፅ ነው፣ አንዱ በ k አንዱ በ q ይፅፈዋል። አሳው ስም ላይ ደግሞ አጠራሩም ተደረበብኝ፣ ቆሮሶ ሚል አለ ቀረሶ ሚልም አለ፣ በላቲን ሲሆን `koroso`፣ `qoroso`፣ `kereso`፣ `qereso` ሆኖ አረፈው። ኘ ደግሞ በ gn እና በ ny ይሄዳል።

ታዲያ የቱን ልምረጥ ካልክ፣ እኔ ሁለት ቦታ ነው ማየው። አንዱ መፈለጊያው ላይ `asa t` ብለህ ሳትጨርስ ስታቆም ከስር ሚዘረግፋቸው ሀሳቦች ናቸው፣ ሰው በብዛት የፃፈው ነው እዛ ሚወጣው። ሌላው የአሳና የምግብ ቪዲዮዎች ኮመንት ነው፣ ሰው ኮመንት ላይ `tibs` ብሎ ከፃፈ ሲፈልግም እንደዛው ነው ሚፅፈው፣ ይሄንን ማንም ልብ አይለውም ግን ነፃ መዝገበ ቃላት ማለት ነው።

«እንግዲያው ያሉትን አፃፃፎች በሙሉ ርዕሱ ላይ መደርደር ነዋ»

ርዕስ ሚችለው 100 ፊደል ነው፣ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል፣ ስልክ ላይ ደግሞ ዝርዝር ውስጥ ስታየው መጨረሻው ተቆርጦ ሶስት ነጥብ ይሆናል። ፊደላችን ቦታ ይቆጥባል፣ ባህር ዳር ከነክፍት ቦታው 6 ነው፣ Bahir Dar ግን 9። አራት አይነት koroso ከደረደርክ ቦታው ያልቅብሃል፣ ደግሞ አንባቢ ሲያየው የተበላሸ ነገር ይመስለዋልና አይነካውም። እኔ የለወጥኩት እንዲህ ነው፦

```
አሳ ጥብስ አሰራር ባህር ዳር | Asa Tibs Aserar Bahir Dar
```

ሙሉው 46 ነው። በፊደል አንዴ፣ በላቲን አንዴ፣ ለእያንዳንዱ ቃል በጣም የተለመደው አፃፃፍ ብቻ። ዋናው ቃል ፊት ላይ ነው፣ ስለዚ ቢቆረጥም አሳ ጥብስ መሆኑ ይታያል። ቆሮሶ ርዕሱ ላይ የለም፣ አይቼ ነው የተውኩት፣ በአሳው ስም ከሚፈልግ ይልቅ አሳ ጥብስ ብሎ ሚፈልገው ይበዛል ብዬ። እሱን ማብራሪያው የመጀመሪያ መስመር ላይ እንደ ሰው ወሬ አድርጌ አስገባሁት፣ «የጣና ቆሮሶ ጥብስ፣ Tana koroso asa tibs» ብዬ። ማብራሪያው ላይ ቃል በኮማ መደርደር ግን የዩትዩብ ህግ ሚከለክለው ነገር ነው፣ ቪዲዮው ሊነሳብህ ይችላል።

«ታግ ላይ ሞልቼዋለሁ፣ ርዕሱን መንካት አያስፈልግም»

ዩትዩብ ራሱ እርዳታ ገፁ ላይ ታግ ቪዲዮ በማስገኘት በኩል ያለው ድርሻ ትንሽ ነው ይላል፣ ሚጠቅመው ሰው በብዛት አሳስቶ ሚፅፈው ቃል ካለ ነው ይላል። ስለዚ `asa tbs`፣ `asa tebs`፣ `qoroso`፣ `kereso`፣ `bahirdar` ሚባሉት ትርፍራፊዎች ቦታቸው እዛ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ሚፈጅ ስራ ነው፣ ከዛ በላይ አትድከምበት።

«በፊደል የፃፍኩት ግን ችግር የለበትም»

አለበት እንጂ። ዓሳ፣ አሳ፣ ዐሣ ሲነበቡ አንድ ናቸው፣ ለማሽኑ ግን የተለያየ ፊደል ነው፣ አንድ አድርጎ ያያቸዋል ብዬ አልወራረድም። ብዙ ኪቦርድ ላይ ዓ እና ሠ ተጨማሪ መንካት ይፈልጋሉ፣ ቸኩሎ ሚፈልግ ሰው ደግሞ ቀላሉን አሳን ነው ሚነካው፣ የአማርኛ አስተማሪዬ ይቅር ይበሉኝና እኔም እሱን ወሰድኩ። ሌላው ደግሞ ምዕላዱ ነው። መጀመሪያ ላስተካክል ስል «የአሳ ጥብስ በጣና ዳር» ብዬ ነበር፣ ለጆሮ ያምራል፣ ግን የአሳ ሲሆን አሳ ሚለው ቃል ብቻውን የለም፣ «የ» ተጣብቆበታል። ሰው ሲፈልግ ደግሞ የ እና በ አያበዛም፣ አሳ ጥብስ ብሎ ነው ሚያቆመው። ርዕሱ ላይ ቃሉን ራቁቱን አስቀምጠው፣ የ እና በ እና ከ ማብራሪያው ላይ ይግቡ።

«አንዴ ከለወጥኩ በነጋታው ውጤቱን አየዋለሁ»

ቆይ። በየቀኑ እየለወጥክ የቱ እንደሰራ አታውቅም፣ እኔ አንዴ ለውጬ ወር አካባቢ ተውኩት። ከዛ `YouTube Studio` ውስጥ `Analytics` ገብተህ ከትራፊክ ምንጮች መሃል `YouTube search` ሚለውን ስትነካ ሰው የፃፋቸው ቃላት እንዳሉ ይወጣሉ። እኛ ጋ `asa tibs` ከላይ ነበር፣ «አሳ ጥብስ» ቀጥሎ፣ ከስር ደግሞ ማላውቀው `yasa tibs` ሚባል መጣ፣ «የአሳ» በአንድ ትንፋሽ ሲባል ያሳ ስለሚሆን ነው፣ እሱንም ታግ ላይ ጨመርኩት። ቻናልህ ትንሽ ከሆነ ዝርዝሩ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ጥቂት ሰው ብቻ የፃፈውን አያሳይህም፣ ባዶ ሆነ ማለት ማንም በፍለጋ አልመጣም ማለት አይደለም።